ሐምሌ 22 እና የአስመጪው መዝገብ

ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ተመን ለገበያ ለቀቀ። በዚያው ዕለት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሰሌዳ ላይ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ 75 ብር ገደማ ደረሰ። ነሐሴ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ኅዳር ላይ 120ን ተሻገረ። ስለ ውሳኔው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ስለ ተገኘው ብድር፣ ስለ ትይዩ ገበያው። እዚህ የማየው ብዙ ያልተነገረለትን ቦታ ነው፤ ከውጭ ዕቃ አስመጥቶ በብር የሚሸጥ ነጋዴ የሂሳብ መዝገብን። በዚያ መዝገብ ላይ አንዱ የተመን ለውጥ ለአንዱ ጭነት ትርፍ፣ ለሌላው ኪሳራ፣ ለሦስተኛው የዕቃ ዋጋ ሆኖ ገባ። ይህን የለየው የነጋዴው ብልሃት ወይም ስንፍና አልነበረም። የለየው ገንዘቡ የተከፈለበትና ዕቃው የነጋዴው ንብረት የሆነበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ግብሩም ይህንኑ ክፍፍል ተከትሎ ሄደ፤ እኔን የሚያሳስበኝም በዋናነት ይኸኛው ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ድርጅት እናስብ። ሦስት ጭነቶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 100,000 ዶላር የሚያወጡ፣ ዓይነታቸውም አንድ ነው። ተመኖቹን ለስሌት እንዲቀሉ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ ሁሉም ባንኩ ዶላር የሚሸጥበት ዋጋ ናቸው፤ አስመጪ ዶላር ገዢ ነውና ባንኩ የሚገዛበት ዋጋ አይመለከተውም። ቀረጡን፣ መርከቡንና የየብስ ትራንስፖርቱን ለጊዜው ወደ ጎን እንተዋቸው።

የመጀመሪያው ጭነት ገንዘብ ግንቦት 2016 ላይ በቅድሚያ ሙሉ በሙሉ ለአቅራቢው ተላከ። ዶላር 57 ብር ነበርና 5.7 ሚሊዮን ብር ወጣ። ዕቃው የተጫነው ግን ዘግይቶ ነሐሴ ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ድርጅቱ ዕቃውን በስንት ይመዝግበው? መልሱ 5.7 ሚሊዮን ብር ነው። በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች መሠረት ለዕቃ የተከፈለ ቅድመ ክፍያ ገንዘብ ሆኖ የሚመለስ ሂሳብ አይደለም። አቅራቢው ያለበት ዕዳ ዕቃ ማስረከብ እንጂ ዶላር መመለስ ስላልሆነ፣ ተመን ሲለዋወጥ ቅድመ ክፍያው አብሮ አይተመንም። ገንዘቡ በወጣበት ቀን ተመን እንደ ቆመ ይቆያል፤ ዕቃው ሲመጣም ያንኑ ዋጋ ይዞ ወደ ክምችት ይገባል። ክፍያው በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍያ የራሱን ቀን ተመን ይዞ ይገባል፤ የዕቃው ዋጋ የእነዚህ ድምር ይሆናል።

ሁለተኛው ጭነት በአቅራቢ ብድር የመጣ ነው። ዕቃው ግንቦት 20 ተጭኖ መጣ፤ ክፍያው ከ180 ቀን በኋላ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። በተጫነበት ቀን ተመን ዕቃው 5.7 ሚሊዮን ብር ሆኖ ወደ ክምችት፣ ያው 5.7 ሚሊዮን ብርም ዕዳ ሆኖ ወደ ተከፋይ ሂሳብ ገባ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ መንገዳቸው ይለያያል። ዕቃው በ5.7 ሚሊዮኑ ይቆማል። ዕዳው ግን የዶላር ዕዳ ነውና ሂሳብ በተዘጋ ቁጥር በዚያን ቀን ተመን እንደገና ይተመናል። ሰኔ 30 ቀን ዶላር 58 ብር ሆኖ ስለ ተገኘ የ100,000 ብር የምንዛሪ ልዩነት ኪሳራ ተመዘገበ። ኅዳር ላይ ዕዳው ሲከፈል ዶላር 124 ብር ነበር፤ ተጨማሪ 6.6 ሚሊዮን ብር ኪሳራ። ዕቃው በዚህ መሐል ሰኔ ላይ በ7.4 ሚሊዮን ብር ተሸጦ አልቋል። ድርጅቱ 1.7 ሚሊዮን ብር አተረፍኩ ብሎ ዓመቱን የዘጋበት ሽያጭ፣ የዕቃውን ዕዳ ለመክፈል አምስት ሚሊዮን ብር ጎደለው።

ሦስተኛው ጭነት በኤልሲ ነው። ኤልሲው ሰኔ ላይ ዶላር 58 ብር እያለ ተከፈተ፤ ባንኩም 30 በመቶ ማርጅን በብር ያዘ። ዕቃው የተጫነው መስከረም 2017 ላይ፣ ዶላር 115 ብር በነበረ ጊዜ ነው። ሰነዱ ደርሶ ቀሪው ሲከፈል ተመኑ 118 ሆኗል። ባለቤቱን ብትጠይቁት «በ58 የከፈትኩትን ኤልሲ በ118 አስከፈሉኝ፤ ስድስት ሚሊዮን ብር ከሰርኩ» ይላል። ስሜቱ እውነት ነው። መዝገቡ ግን የሚያሳየው የ300,000 ብር ኪሳራ ብቻ ነው። ኤልሲ መክፈት የመግዛት ቃል እንጂ ገና ዕዳ አይደለም፤ ዕዳ የሚሆነው ዕቃው የድርጅቱ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከ58 እስከ 115 ያለው ጭማሪ ኪሳራ ተብሎ አይመዘገብም፤ የዕቃው ዋጋ 11.5 ሚሊዮን ብር ሆኖ ወደ ክምችት ይገባል። ኪሳራ የሚባለው ከ115 እስከ 118 ያለው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ማርጅኑም ብዙ ሰው ያሳስታል። ማርጅን ባንክ ዘንድ የተያዘ የራስህ ብር ነው፤ ለአቅራቢው የሄደ ቅድመ ክፍያ አይደለም። ስለዚህ እንደ መጀመሪያው ጭነት የ58 ብር ተመንን ይዞ ሊቆም አይችልም። ባንኩ ኤልሲው በተከፈተ ቀን ዶላሩን በቁርጥ ዋጋ ሸጦልሃል የሚል ውል ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለውን ውል ግን በጽሑፍ ማየት ያስፈልጋል።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለት ዋጋ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። በ5.7 ሚሊዮን የተመዘገበውና በ11.5 ሚሊዮን የተመዘገበው ሣጥን ጎን ለጎን ናቸው፤ የሚሸጡት ግን በአንድ ዋጋ ነው።

ቀኑ ይህን ያህል ከወሰነ ትክክለኛው ቀን የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ብዙ ሂሳብ ሠራተኞች ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ወይም መጋዘን ሲገባ ነው የሚመዘግቡት። ውሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤፍኦቢ ወይም ሲኤፍአር ነው፤ በሁለቱም የዕቃው ኃላፊነት ወደ ገዢው የሚተላለፈው ዕቃው መነሻ ወደብ ላይ መርከብ ላይ ሲጫን ነው። የሚመዘገብበት ቀንም ከመጫኛ ሰነዱ ቀን ጋር ይሄዳል። ከቻይና ወደብ ተነስቶ ጂቡቲ ደርሶ አዲስ አበባ እስኪገባ ሁለት ወር የሚፈጅ ዕቃ ሐምሌ 22ን በመንገድ ላይ ካለፈ፣ በጭነት ቀን መመዝገቡና በመጋዘን ቀን መመዝገቡ በዋጋው ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በጭነት ቀን ከተመዘገበ ጭማሪው በኪሳራ ረድፍ ይታያል፤ በመጋዘን ቀን ከተመዘገበ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ይሰወራል። ጉምሩክ ደግሞ የራሱ ቀን አለው፤ ቀረጡን የሚያሰላው በዲክላራሲዮኑ ጊዜ በሚሠራው ተመን ነው። ስለዚህ በ57 ብር የተገዛ ዕቃ በ100 ብር ተመን ቀረጥ ሊከፈልበት ይችላል። ይህ ስሕተት አይደለም። ስሕተት የሚሆነው የዲክላራሲዮኑን ዋጋ ገልብጦ የዕቃው ግዢ ዋጋ ማድረግ ነው፤ ይህንንም ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከዚህ የባሰውና የተለመደው ስሕተት ግን ኪሳራውን ዕቃው ላይ መጫን ነው። ባንኩ ኅዳር ላይ 12.4 ሚሊዮን ብር ከሂሳብ መቀነሱን የሚያሳይ ደብዳቤ ይልካል፤ ሂሳብ ሠራተኛውም ሙሉውን ወስዶ የዕቃው ዋጋ ያደርገዋል። ለእሱ ዕቃው የወጣበት ገንዘብ ያ ነው። ደረጃው ይህን አይፈቅድም፤ ዕቃው ከተመዘገበ በኋላ በዕዳው ላይ የመጣ ልዩነት የዓመቱ ኪሳራ ነው። ኦዲተር ይህን ለማግኘት አይቸገርም። የክምችት ካርዱን ዋጋ በፕሮፎርማው ዶላር ሲያካፍል የሚያገኘው ተመን በመጫኛ ሰነዱ ቀን ከነበረው ተመን ጋር አይገጥምም። ወይም ደግሞ ድርጅቱ ዓመቱን ሙሉ የዶላር ዕዳ እያለበት የምንዛሪ ልዩነት ሂሳቡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ዓመት ባዶ የሆነ የምንዛሪ ልዩነት ሂሳብ ያለበት አስመጪ፣ ወይ ዕዳ አልነበረበትም፣ ወይ ሰኔ 30 ላይ ዕዳውን እንደገና አልተመነም።

ሐምሌ 22 ከሰኔ 30 በኋላ 22ኛው ቀን ላይ መዋሉ ሌላ ነገር አመጣ። የአብዛኛው ነጋዴ ዓመት የሚያልቀው ሰኔ 30 ነው፤ ሂሳቡ ተዘጋጅቶ ለግብር የሚቀርበው ግን እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ነው። ሂሳቡ በሚሠራባቸው በእነዚያ ወራት ሁሉም ሰው ዶላር የት እንደ ደረሰ ያውቃል። ሆኖም የሰኔ 30 2016 ዕዳ የሚተመነው በሰኔ 30 ተመን፣ በ58 ብር ነው። ዓመቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ከባድ የምንዛሪ ለውጥ የቀደመውን ዓመት አሃዝ አያስተካክልም፤ የሚፈለገው በማብራሪያው ውስጥ ሁኔታውንና ግምታዊ ጉዳቱን መግለጽ ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ጭነት ባለቤት በ2016 ሂሳቡ ትርፋማ ሆኖ ታየ። ኪሳራው ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ 2017 ተሻገረ። ያንን የ2016 ሪፖርት አይቶ ያበደረ ባንክ ወይም ትርፍ የተከፋፈለ ባለአክሲዮን ማብራሪያውን ካላነበበ ተሳስቷል። አንድ ሁኔታ ብቻ ይለያል፤ ጉዳቱ ድርጅቱን በሥራ እንዳይቀጥል የሚያደርግ ከሆነ፣ ሂሳቡ የድርጅቱን ቀጣይነት መሠረት አድርጎ ሊዘጋጅ አይችልም። ጥቂት ካፒታል ይዘው በትልቅ የዶላር ዕዳ ሲሠሩ ለነበሩ ድርጅቶች ይህ የወረቀት ጥያቄ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ ታሪክ አለ። የምንዛሪ ልዩነትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤኤስ 21፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ ሲወጣ ልክ ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የሚሆን መውጫ ነበረው። አንድ ገንዘብ በከፍተኛ ደረጃ ከወደቀ፣ ራስን ከውድቀቱ መከላከያ መንገድም ካልነበረ፣ በቅርቡ ከተገዛ ንብረት ዕዳ ላይ የመጣው ኪሳራ የንብረቱ ዋጋ ላይ እንዲደመር ይፈቅድ ነበር። ገደብ ነበረው፤ ድምሩ ያንኑ ንብረት መልሶ ከሚገዛበት ዋጋም፣ ከንብረቱ ከሚገኘው ገንዘብም መብለጥ የለበትም። ያ አማራጭ በ2003 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ተሰረዘ። ኢትዮጵያ ደረጃዎቹን በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ስትቀበል በሩ ከተዘጋ ቆይቷል። ደረጃ አውጪዎቹ ምክንያት አላቸው፤ ዕቃው የተገዛበት ዋጋና ገዢው በዕዳ ለመቆየት የወሰነው ውሳኔ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ኪሳራውን የወለደው ሁለተኛው ነው። በመርህ ደረጃ እስማማለሁ። ነገር ግን ይህ ክርክር ነጋዴው ዕዳውን ቀድሞ ለመክፈል ወይም ዶላሩን አስቀድሞ ለመግዛት ምርጫ አለው ብሎ ይነሣል። ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ ወረፋ ወራት ይጠብቅ ለነበረ አስመጪ ያ ምርጫ አልነበረም። ገንዘቡን በብር ይዞ፣ ዕዳውን መክፈል እየፈለገ፣ ዶላር አጥቶ የቆየ ብዙ ነው።

የሂሳብ ደረጃው ጥብቅነት ብቻውን ብዙ አይጎዳም፤ ኪሳራ ኪሳራ ተብሎ በግልጽ ቢታይ ይሻላል። የሚጎዳው ግብሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የምንዛሪ ኪሳራን ከሌላ የንግድ ገቢ ላይ እንዲቀነስ አላደረገም። የምንዛሪ ኪሳራ የሚቀነሰው ከምንዛሪ ትርፍ ላይ ብቻ ነው፤ የተረፈው ወደ ቀጣዮቹ ዓመታት ይተላለፋል፣ እዚያም የሚጠብቀው የምንዛሪ ትርፍን ነው። የፋይናንስ ተቋማት ከዚህ ገደብ ውጭ ናቸው።

ወደ ድርጅታችን እንመለስ። የመጀመሪያውን ጭነት፣ በ5.7 ሚሊዮን የተመዘገበውን፣ ጥቅምት 2017 ላይ በ14 ሚሊዮን ብር ሸጠ እንበል። በመዝገቡ 8.3 ሚሊዮን ብር ትርፍ አለ። በሁለተኛው ጭነት ዕዳ ላይ ደግሞ በዚያው ዓመት 6.6 ሚሊዮን ብር ከሰረ። ሁለቱን ቢያቻችል 1.7 ሚሊዮን ይቀረዋል፤ በ30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር 510,000 ብር ይከፍላል። ኪሳራው ከሽያጭ ትርፉ ስለማይቀነስለት ግን የሚከፍለው 2.49 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከእውነተኛው ውጤቱ የበለጠ ግብር። ትርፉ ከየት እንደ መጣ ብናይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። 14 ሚሊዮኑን ሰብስቦ ግብሩን ከፍሎ በእጁ 11.51 ሚሊዮን ብር ይቀራል። ያንኑ ዕቃ በ124 ብር ተመን መልሶ ለማስመጣት 12.4 ሚሊዮን ብር ያስፈልገዋል። አትርፏል፣ ግብር ከፍሏል፣ ግን የሸጠውን ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት አይችልም። ነጋዴዎች «ካፒታሌ አለቀ» የሚሉት ይህንን ነው፤ ትርፋቸውን ለመደበቅ የሚያሰሙት ልቅሶ አድርገው ለሚወስዱት ሰዎች ስሌቱን ከላይ እስከ ታች እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ሕጉ ሁሉንም አስመጪ እኩል አለመንካቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ቡና ወይም ሰሊጥ እየላከ በሚያገኘው ዶላር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ በሐምሌ 2016ቱ ለውጥ ከወጪ ንግድ ገቢው ግማሹን በውጭ ምንዛሪ እንዲይዝ ተፈቅዶለታል። ብር ሲወድቅ የያዘው ዶላር በብር ሲተመን የምንዛሪ ትርፍ ይሰጠዋል፤ ያ ትርፍ የዕዳውን የምንዛሪ ኪሳራ ይቀበልለታል። ሆስፒታልና ፋርማሲ እየዞረ በብር ብቻ የሚሸጠው አስመጪ ግን የምንዛሪ ትርፍ የሚያገኝበት ቦታ የለውም፤ ኪሳራው ከዓመት ዓመት እየተላለፈ በወረቀት ላይ ይኖራል። ሕጉ በጽሑፉ ለሁሉም አንድ ነው። ጫናውን ግን ዶላር በሌለው ላይ ያሳርፋል።

ከኅዳር 2017 ወዲህ ተመኑ ቀስ እያለ ሄዷል፤ ሰኔ 2017 ሲያልቅ ዶላር ከ130 ብር በላይ ነበር። እንደ ሐምሌ 22 ያለ ዝላይ ባይደገም እንኳ፣ ተመኑ በየቀኑ በሚንቀሳቀስበት አገር የስድስት ወር ዕዳ የሚያመጣው ልዩነት የአስመጪን ቀጭን ትርፍ ሊበላ ይችላል። ነጋዴው ማድረግ የሚችለው ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ዋጋ ሲያወጣ ዕቃው የተመዘገበበትን ብር ሳይሆን ዕዳው ይከፈላል ብሎ የሚገምተውን ተመን መነሻ ማድረግ፤ በጨረታ ሲወዳደር ተመኑ ከተወሰነ መጠን በላይ ከተንቀሳቀሰ ዋጋው እንዲከለስ የሚል አንቀጽ መጠየቅ፤ በብድር ከመጣ ዕቃ ሽያጭ የሚሰበሰበውን ብር ለሌላ ሥራ ሳያዞሩ ዶላር በተገኘ ጊዜ ሁሉ ዕዳውን በከፊልም ቢሆን መቀነስ። ወር በገባ ቁጥር የዶላር ዕዳን በዕለቱ ተመን አስልቶ ማየትም ብዙ ያድናል፤ ሰኔ 30 ላይ ብቻ የሚያየው ሰው ለአሥራ አንድ ወር በተሳሳተ ዋጋ ሊሸጥ ይችላልና።

የግብሩ ጉዳይ ግን ከነጋዴው አቅም በላይ ነው። ሕግ አውጪው ኪሳራውን ለይቶ ያጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። የውጭ ብድርን፣ በተለይ ከእናት ኩባንያ የተገኘ ብድርን፣ ተጠቅሞ ኪሳራ መፍጠር ቀላል ነው፤ አጥሩ የቆመው ለዚያ ይመስላል። የሸቀጥ ዕዳ ግን እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ጭነት በባንክ የተሰጠ የግዢ ፈቃድ ቁጥር አለው፤ በዚያ ቁጥር የተላከው ዶላር በብሔራዊ ባንክ ይታወቃል፤ ዕቃው በዲክላራሲዮን ገብቷል፤ የክፍያው ቀንና ተመን በባንኩ ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። ኪሳራውን ከአራት ሰነዶች በአንድ መቀነስና በአንድ ማባዛት ማረጋገጥ ይቻላል። ገደቡ በብድር ላይ ጸንቶ፣ በባንክ ፈቃድና በዲክላራሲዮን ለተደገፈ የሸቀጥ ዕዳ ቢነሳ፣ መንግሥት የሚያጣው ከመጀመሪያውም ትርፍ ካልነበረ ገንዘብ ላይ የሚሰበስበውን ግብር ነው። የሁለተኛው ጭነት ባለቤት ደግሞ 1.98 ሚሊዮን ብሩን ይዞ ለሚቀጥለው ትዕዛዝ ወደ ባንክ ይሄዳል።